ውል ሲተረጎም ቃል በቃል ወይስ በሚጥም አማርኛ?

ውል እያረቀቅሁና እየተረጎምሁ ስለምሠራ ይህ ጥያቄ ሁሌም ይቀርብልኛል። ብዙዎች ቃል በቃል መተርጎም ከአደጋ የሚያድን ይመስላቸዋል። የእኔ መልስ የአረፍተ ነገሩ አካሄድ አማርኛ ይሁን፤ መብት የሚወስነው ቃል ግን አይነካ የሚል ነው።

1. ማቋረጥና መሰረዝ። የአንድ ዓመት የጽዳት አገልግሎት ውል እንውሰድ። የእንግሊዝኛው አንቀጽ የትኛውም ወገን የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። «በ30 ቀናት የጽሑፍ ማስታወቂያ ላይ» ከማለት «ከ30 ቀናት በፊት በጽሑፍ በማሳወቅ» ማለት ይሻላል፤ በዚህ ማንም አይጎዳም። «ውሉን ሊሰርዝ ይችላል» ማለት ግን አደገኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1815 መሠረት ውል ሲሰረዝ ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ይህም በሰባተኛው ወር የሚለያዩ ወገኖች ስላለፈው ክፍያ እንዲከራከሩ በር ይከፍታል። «ሊያቋርጥ ይችላል» ሲባል ግን ውሉ ለወደፊቱ ብቻ እንደሚያበቃ ግልጽ ይሆናል።

2. የኃላፊነት ጣሪያ። «የአገልግሎት ሰጪው ጠቅላላ ኃላፊነት ከውሉ ዋጋ አይበልጥም» የሚለውን ለማቅለል «የሚከፍለው ካሳ አይበልጥም» የሚሉ አሉ። ይነበባል፣ ግን ጣሪያው ጠበበ። የመዘግየት መቀጫና ተመላሽ ክፍያ ከጣሪያው ውጭ ናቸው የሚል ክርክር ይነሳል። እዚህ ላይ «ኃላፊነት» ይቆይ።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቃሉን ስትቀይሩት የሚከፈለው ገንዘብ ወይም የሚከፈልበት ጊዜ ከተለወጠ፣ አትቀይሩት።

የከበዳችሁ አንቀጽ ካለ የተዋዋዮቹን ስም አውጥታችሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።