አፑ ያስተማራት አረብኛ ሪያድ ማድቤት ውስጥ ለምን አይሠራም?

አንዲት የሰፈሬ ልጅ ለቤት ሥራ ወደ ሪያድ ልትሄድ ፕሮሰስ ላይ ነች። ሦስት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳትዘል ዱኦሊንጎ ላይ አረብኛ ስትማር ከርማለች። ባለፈው ሰሞን ሪያድ ስድስት ዓመት ሠርተው የተመለሱ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። እትዬ «እስቲ ልፈትንሽ» አሏትና በአንድ ትንፋሽ «ታዓሊ፣ ጂቢ አልጊድር፣ ሑጢህ ዓላ ናር» አሏት። ልጅቷ ዝም። «ነይ፣ ድስቱን አምጪ፣ እሳት ላይ ጣጂው» ማለታቸው ነበር። ለሰው ቤት ሠራተኛ ከዚህ የቀለለ ትእዛዝ የለም።

ልጅቷ ሰነፍ ሆና አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አረብኛ የሚባለው አንድ ቋንቋ አይደለም ብንል ብዙ አንሳሳትም። መጽሐፍ፣ ዜናና ውል የሚጻፍበት «ፉስሓ» ይባላል። ሰው ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ደግሞ «ዓሚያ» ሲሆን ከአገር አገር ይለያያል። ዱኦሊንጎም ሆነ አብዛኞቹ ነፃ አፖች የሚያስተምሩት በዋናነት ፉስሓውን ነው። የሪያድ እመቤት ልጇን በፉስሓ አትቆጣም። እናንተንም በፉስሓ አታዝም።

ልዩነቱ የአነጋገር ቃና ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረም፣ ግን ቃሉ ራሱ ሌላ ነው። «ምን ትፈልጊያለሽ?» በፉስሓ «ማዛ ቱሪዲን» ነው፣ ሪያድ «ዊሽ ተቢን» ይባላል፣ ቤይሩት ደግሞ «ሹ ባዲክ»። «አሁን» በፉስሓ «አልኣን»፣ ሪያድ «አልሒን»፣ ቤይሩት «ሀላእ»። «ጥሩ» አፑ ላይ «ጀይድ» ነው፣ ሪያድ «ዘይን»፣ ቤይሩት «ምኒሕ»። ስለዚህ አፕ ከማውረዳችሁ በፊት የሚመጣው ጥያቄ «የት አገር፣ የት ከተማ ነው የምሄደው?» የሚለው ነው። ፒምዝለር የሚባለው አፕ የግብፅንና የእነ ሊባኖስን አነጋገር ለብቻ ያስተምራል። ግን በክፍያ ነው፣ ማስተማሪያውም እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ለሚከብዳት ልጅ ሁለት ቋንቋ በአንዴ መማር ሆነባት ማለት ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ለሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ትእዛዞች ብዙ አይደሉም። አብዛኞቹ ደግሞ ሪያድም ቤይሩትም ይሠራሉ። እትዬ ሲያወሩ እየቀዳሁ ከአፑ ጋር አስተያየሁት። «ሂጂ» አፑ «ኢዝሀቢ» ይላል፣ ቤት ውስጥ «ሩሒ» ነው። «አምጪ» በፉስሓ «አሕዲሪ»፣ ቤት ውስጥ «ጂቢ»። «አስቀምጪ» «ደዒ» መሆኑ ቀርቶ «ሑጢ»። «እዪ» «ኡንዙሪ» ሳይሆን «ሹፊ»። «ዝጊ» «አግሊቂ» ሳይሆን «ሰክሪ»። «አንሺ» «ኢርፈዒ» ሳይሆን «ሺሊ»። «ተዪው» ደግሞ «ኸሊህ»። እነዚህን ብቻ ሰምታ የምታውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ቆማ አታሳልፍም።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆን ይጠቅማል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሴትና ለወንድ ትእዛዝ እንደሚለያይ ለመልመድ ይሰቃያል። እኛ ግን «ሂጂ» እና «ሂድ» እያልን ነው ያደግነው። አረብኛውም ያው ነው፦ ለሴት «ሩሒ፣ ጂቢ፣ ሹፊ»፣ ለወንድ መጨረሻዋን ድምፅ ጣሉና «ሩሕ፣ ጂብ፣ ሹፍ»። ለሹፌርነት የምትሄዱ ወንዶችም በዚሁ ያዙት። አፑ በወንድ አርጎ የሚያስተምራችሁን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሸምድዳችሁ እንዳትቀሩ። እናንተን የሚያዝዟችሁ በሴት ከሆነ ጆሯችሁ የሴቱን መልመድ አለበት።

ሌላው አፑ ብዙ ጊዜያችሁን የሚበላበት ነገር ከጉሮሮ የሚወጣው የአረብኛ «ቃፍ» ነው። ሪያድ ውስጥ በአብዛኛው እንደ «ግ» ነው የሚሰማው፦ «ቀህዋ» የተባለው ቡና «ገህዋ»፣ «ቂድር» የተባለው ድስት «ጊድር» ይሆናል። ቤይሩት ደግሞ ጭራሽ ይውጡትና «አህዌ» ይላሉ። ከባዱ «ሐ» እና «ዐ» ነው። በፊደላችን እንጽፋቸዋለን እንጂ በአማርኛ ከ«ሀ» እና «አ» ለይተን አናነባቸውም። ትግርኛ የምትችሉ ግን ገና ድሮ አላችሁ።

እና ምን ይሻላል? ልጅቷ ጋ የሠራነውን ልንገራችሁ። ከዚያው አገር፣ ከተቻለም ከዚያው ከተማ በቅርቡ የተመለሰ ሰው ፈልጉ። እትዬን ከማድቤት ጀምረን መኝታ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ልጅ መያዝ እያልን 40 ዓረፍተ ነገር አስወራናቸው። እያንዳንዱን ለብቻው በስልክ ቀዳን። አንዱን ረጅም ቅጂ ማድረግ ስህተት ነው፣ በኋላ የፈለጋችሁትን አታገኙትም። ከዚያ AnkiDroid የሚባለውን ነፃ አፕ አወረድንላት። ካርዱ ፊት ላይ ድምፁ ብቻ፣ ጀርባው ላይ የአማርኛ ትርጉሙ። ጽሑፍ ፊት ላይ አላደረግንም፣ ምክንያቱም ትእዛዝ በጽሑፍ አይመጣም፣ በጆሮ ነው የሚመጣ። በቀን አምስት አዲስ ካርድ ብትይዝ በስምንት ቀን ሁሉንም አይታቸዋለች፣ ከዚያ አፑ የረሳችውን ራሱ መልሶ ያመጣላታል። ይህ ከከበዳችሁ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ቮይስ አድርጋችሁ ከሥር ትርጉሙን መጻፍ ይበቃል።

ከትእዛዙ በላይ ግን እኔን ያሳሰበኝ እሷ የምትናገረው ነው። ስለ ፖምና ስለ ውሻ ዓረፍተ ነገር ትችላለች፣ «አመመኝ» ማለት አትችልም። ስለዚህ ሌላ አሥር ካርድ ጨመርን። «ማ ፈሂምት» አልገባኝም ነው። «መረ ሳንያ» በድጋሚ። «ሽወይ ሽወይ» ቀስ እያልሽ። «አና ተዕባና» ደክሞኛል ወይም አሞኛል፣ «በጥኒ ዮጀዕኒ» ሆዴን አሞኛል፣ «አቢ ዶክቶር» ሐኪም እፈልጋለሁ። ከሁሉም የዋለችው ይቺ ናት፦ «ማ ስተለምት ራቲቢ ሚን ሸህሬን»፣ ደሞዜን ከተቀበልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። «ጀዋዝ» ፓስፖርት፣ «ኢቃማ» የመኖሪያ ፈቃድ፣ «ሰፋራ» ኤምባሲ መሆናቸውንም እንድትለይ አደረግን።

ታዲያ ዱኦሊንጎን ታጥፋው? አይ። ፊደሉን የሚያስተምርበት ክፍል ጥሩ ነው፣ የጽሑፉ አረብኛ ደግሞ ፉስሓው ነው። የመድኃኒት ዕቃ፣ የሱቅ ዋጋ፣ የመንገድ ምልክት ለማንበብ ይጠቅማታል። ቁጥሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በአረብኛው ቁጥር ነጥብ የምትመስለው ዜሮ ናት፣ የእኛን ዜሮ የምትመስለዋ ክብ 5 ናት፣ የእኛን 7 የምትመስለው ደግሞ 6 ናት። የሕፃን መድኃኒት ስትሰጥ ይህን ያደባለቀች ልጅ ምን ልታደርግ እንደምትችል አስቡት። የሥራ ውሉን ግን በሦስት ወር ፊደል አነባለሁ ብላችሁ አትሞክሩት፣ የአማርኛውን ትርጉም ሳትይዙ አትፈርሙ።

በመጨረሻ እትዬ አንድ ነገር አሉን፣ እኔ ያላሰብኩት። ስልክ የሚቀማበት ቤት አለ። ያኔ አፑም ቮይሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አሥሩን የመናገሪያ ካርዶች በአማርኛ ፊደል ትንሽ ወረቀት ላይ ጻፍንላት፣ ከሥሩ የኤምባሲውንና የቤተሰቧን ስልክ ጨመርን፣ እትዬ ደግሞ ወረቀቱን አጥፈው የት እንደምትሰፋው አሳዩዋት።