የዱቤ ሻምፑ ዋጋው ስንት ነው?

በአዲስ አበባ የሴቶች የውበት ሳሎኖች ሥራ የሚደራው ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ሲበዛ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሙሽራም ሚዜም ይጠፋል፤ እስከ ፋሲካ ገበያው ይቀዘቅዛል። የቤት ኪራይ ግን ጾም አያውቅም። ለዚህ ነው ብዙ የሳሎን ባለቤቶች ሻምፑ፣ ሪላክሰርና የፀጉር ቀለም ከጅምላ አከፋፋይ በዱቤ የሚወስዱት።

ዱቤ ነፃ የሚመስለው የእጅ በእጁ ዋጋ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። አንዲት የሳሎን ባለቤት የ60,000 ብር ዕቃ መርጣለች እንበል። አከፋፋዩ አሁን ከከፈለች 5 በመቶ ሊቀንስላት፣ ካልሆነም ሙሉውን በ30 ቀን ሊቀበላት ተስማማ። እጅ በእጅ 57,000 ብር ነው። ዱቤውን ከመረጠች ያንን ገንዘብ ለአንድ ወር ለማቆየት 3,000 ብር ከፈለች ማለት ነው፤ ይህም በወር ከ5 በመቶ በላይ ወለድ ነው። ገንዘቡ በእጇ ካለ ቅናሹ ያዋጣታል። ከሌላት ደግሞ ዋጋውን አውቃ ዱቤውን ትወስዳለች።

ቀጥሎ የሚመጣው የብዛት ቅናሽ ነው። አከፋፋዩ አሥር ካርቶን ሪላክሰር ለሚወስድ 10 በመቶ ይቀንሳል፤ ሳሎኑ ግን በወር የሚጨርሰው ሁለት ካርቶን ነው። የአምስት ወር ገንዘብ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ የዕቃው የአገልግሎት ጊዜም እየተቃረበ ይሄዳል። በቀለም ደግሞ ይብሳል፤ ጥቁሩ ቶሎ ሲያልቅ ሌላው ቀለም ተርፎ ይቀራል።

የሚሻለው ቅናሹ በአንድ ዕቃ ብዛት ሳይሆን በጠቅላላው ግዢ እንዲታሰብ መጠየቅ ነው፤ ሻምፑው፣ ትሪትመንቱና ሪላክሰሩ ተደምረው። “አሥሩን በአሥር ዋጋ ልግዛ፣ ግን በየወሩ ሁለት ሁለት አምጣልኝ” የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አይሳካም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ለወራት ዋጋ መቁረጥ ይፈራል። በአንድ ወር ውስጥ በሁለት ዙር መረከብ ግን ለሁለቱም ይቀላል።

“አሥራ ሁለት ለገዛ አንድ በነፃ” የሚለውም መታሰብ አለበት። አሥራ ሦስት ጠርሙስ በአሥራ ሁለት ዋጋ ማለት ወደ 7.7 በመቶ ቅናሽ ነው። 10 በመቶ በብር ከተገኘ እሱ ይበልጣል።

የመክፈያው ቀንም ከገበያው ጋር መግጠም ይኖርበታል። ለሠርግ የሚሆን ዕቃ በጥር መጀመሪያ ተወስዶ ዕዳው ጾሙ ሳይገባ ቢያልቅ ይመረጣል። በየካቲት የተወሰደ ዕዳ ግን ጾሙ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ከፊሉ ከፋሲካ በኋላ እንዲከፈል አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

አንዳንድ አከፋፋይ ለዋስትና የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ሕግ ቼክ የተጻፈበት ቀን ባይደርስም ለባንክ ሲቀርብ የሚከፈል ነው፤ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መስጠትም በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ የዕቃው ዓይነት፣ ዋጋውና የመክፈያው ቀን ሰፍሮበት ሁለቱም የሚፈርሙበት የዱቤ ውል ለገዢዋ የተሻለ ነው። ውሉ ላይ የተበላሸ ወይም የአገልግሎት ጊዜው የተቃረበ ዕቃ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስም ይጻፍ።