እምቢ ያለ ዳዶ እና የአከራይ ፈቃድ

በአዲስ አበባ ኪራይ ቤቶች መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የተሰቀለው ቦይለር አብዛኛውን ጊዜ ከተከራዩ ቀድሞ የገባ የአከራይ ዕቃ ነው። ሲበላሽ ግን በቀዝቃዛ ውሃ የሚታጠበው ተከራዩ ነው። ባለሙያ ይጠራል፤ አይቶ «ኤለመንቱ ነው፣ ይቀየር» ይላል። ቁልፉን ዳዶው ላይ ሲያሳርፈው ግን ንቅንቅ አይልም። ዝጎ ከቡሎኑ ጋር አንድ አካል ሆኗል።

ኤለመንት መቀየር ቀላል ጥገና ነው። የተጣበቀ ኤለመንት በኃይል ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቦይለሩ ታንከር ብረት ሲሆን ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ ነው። እንደ ኢናሜል ሳህን ነው፤ ከተንገጫገጨ ልባሱ ይፈነቀላል፣ በዚያው ቦታ ዝገት ይገባል። ቡሎኑ ከሥሩ ከተቆረጠ ደግሞ አዲሱ ኤለመንት በደንብ አይጠብቅም፣ ውሃ ያፈሳል። በኤለመንት የተጀመረ ሥራ አዲስ ቦይለር በመግዛት ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። ተከራዩ ሳያስፈቅድ ከጀመረው ዕዳው ወደ እሱ ይዞራል።

አንዲት ተከራይ ለአከራይዋ የጻፈችው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የመታጠቢያ ቤቱ ቦይለር ሲበራ ብሬከር እያወረደ ስላስቸገረን አጥፍተነዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በቴስተር ለክቶ ኤለመንቱ ወደ ቦይለሩ አካል ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ ነግሮኛል። ይዘውት ካሉት አምስት ዳዶዎች ሁለቱ ዝገው አልፈታ ብለዋል። ከጓርኒሲዮኑ ሥር ቀስ እያለ ውሃ ሲንጠባጠብ የቆየ ይመስላል፤ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። በኃይል ቢሞከር ቡሎኑ ሊቆረጥ፣ ታንከሩም ሊያፈስ ስለሚችል እርስዎ ሳይፈቅዱ እንዳይነካ ብያለሁ። ከፈቀዱ ቅዳሜ ይሞከራል። አንድ ቡሎን እንኳ ቢቆረጥ ሥራው ቆሞ እደውልልዎታለሁ። የኤለመንቱን ዋጋ ማን እንደሚከፍል፣ ታንከሩ ቢበላሽስ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ቢነግሩኝ። የወጣውን ዕቃ አልጥለውም፣ አስቀምጥልዎታለሁ።»

ከዚህ ውስጥ ለእኔ ትልቁ አረፍተ ነገር «ሥራው ቆሞ እደውልልዎታለሁ» የሚለው ነው። ብዙ ተከራይ «ላሠራው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አከራይም «አሠሪው» ትላለች፤ የት ላይ መቆም እንዳለበት ግን ሁለቱም አላወሩም። ክርክሩ የሚነሳው ከዚያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በየውሉ ላይ የቦይለር ነገር ግን እምብዛም አይጠቀስም። ስለዚህ የደብዳቤውና የመልሱ ቅጂ ከውሉ ጋር ቢቀመጥ ይጠቅማል።

ምርመራውም መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃው ስላልሞቀ ብቻ ኤለመንቱ ተበላሸ አይባልም፤ ቴርሞስታቱም ሊሆን ይችላል። ሽቦዎቹ ተነቅለው ሲለካ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ የ1500 ዋት ጤነኛ ኤለመንት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ወደ 32 ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ቦይለሩ አካል ሲለካ ቴስተሩ መንገድ ካገኘ ግን ኤለመንቱ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እያሳለፈ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፍሳሽ የተሠራ መከላከያ ብሬከር በሌለበት ቤት ችግሩ የሚታወቀው ቧንቧው ሲነዝር ነው፤ ያኔ ፈቃድ እስኪመጣ ቦይለሩን ማብራት የለም።

ዝገቱ ከየት መጣ የሚለውም ገንዘብ የሚወስን ጥያቄ ነው። በታንከሩ ውስጥ ለብረቱ ቤዛ ሆኖ የሚበላ የማግኒዥየም ዘንግ አለ። እሱ ካለቀና ካልተቀየረ ዝገቱ ወደ ብረቱ ይዞራል። ያረጀ ጓርኒሲዮን ሲያንጠባጥብ ደግሞ ዳዶዎቹ ከውጭ ይዝጋሉ። ሁለቱም የዓመታት ሥራ ስለሆኑ፣ በቅርብ የገባ ተከራይ አጠፋው ለማለት ይከብዳል። ፎቶው የተላከው ለዚህ ነው።

አከራይዋ በማግስቱ መለሱ፦ «ልጄ፣ ይሞከር። ኤለመንቱን እኔ እከፍላለሁ፤ ታንከሩ ከፈሰሰም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ግን በመዶሻ እንዳይመታ።» ዓርብ ማታ ብሬከሩ ወርዶ፣ የውሃ መስመሩ ተዘግቶ፣ ዳዶዎቹ ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት ታጥበው አደሩ። ቅዳሜ ሠራተኛው የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ አየር እያስገባ ታንከሩን አራገፈ። የተጣበቁትን ዳዶዎች መጀመሪያ በትንሹ ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት እያመላለሰ ሞከረ። እሳት አልተጠቀመም፤ እሳት ጓርኒሲዮኑንና የሙቀት መጠበቂያውን ፎም ያበላሻል። አንደኛው ተፈታ፤ ሁለተኛው ከነቡሎኑ ተቆረጠ።

ሥራው ቆመ፣ ስልክ ተደወለ። ሌሎቹ ተፈትተው ስለነበር ኤለመንቱ ሲወርድ የማግኒዥየሙ ዘንግ ሽቦው ብቻ ቀርቶ፣ የታንከሩም አፍ ቡናማ ሆኖ ታየ። አከራይዋ ፎቶውን አይተው አዲስ ቦይለር ገዙ፤ የሠራተኛውን የቅዳሜ ዋጋ ለሁለት ተካፈሉት።