አንድ ስም፣ ሁለት ጣዕም፦ ወይን ጠጅ ከዓመት ዓመት ለምን ይለያያል?

ሐዋሳ፦ አምና የተገዛው ወይን ጠጅና ዘንድሮ የቀረበው ስማቸው አንድ፣ ጠርሙሳቸው አንድ ሆኖ ሳለ ጣዕማቸው ሲለያይ፣ የገዢው የመጀመሪያ ጥርጣሬ “ተበላሽቷል” ወይም “ተቀላቅሏል” የሚል ነው። በዚህ ጥርጣሬ ደህናው ጠርሙስ ሊመለስ፣ በእርግጥ የተበላሸው ደግሞ “የዓመቱ ጠባይ ነው” ተብሎ ለእንግዳ ሊቀርብ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ጉዳዩን ከማሳው መጀመር ያስፈልጋል።

ለእኛ የሚቀርበው የወይን ማሳ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዝዋይ (ባቱ) የሚገኘው ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን እና ሻርዶኔ የተባሉትን ዝርያዎች በዚያ ተክሎ፣ “ሪፍት ቫሊ” እና “አካሺያ” የተሰኙትን ወይን ጠጆች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ማቅረብ ጀምሯል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 600 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ዋናው ዝናብ በክረምት ይጥላል፣ በበልግም ይመጣል። ማሳው በመስኖ ስለሚለማ የዝናብ እጥረትን መቋቋም ይችላል። መስኖ ውሃ ይጨምራል እንጂ የመጣውን ዝናብ አይመልስም፣ ፀሐይንም አይቀንስም። የጣዕሙ ልዩነት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ስኳሩና ኮምጣጣነቱ

የወይን ፍሬ ሲበስል ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ስኳሩ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ሙቀት ሲበዛ፣ በተለይም ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ ሲቀር፣ ኮምጣጣነቱ ቶሎ ይጠፋል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግን ይቆያል። ስለዚህ የሞቃት ዓመት ወይን ጠጅ አልኮሉ የበረታና ለስላሳ፣ የቀዝቃዛ ዓመቱ ደግሞ ቀለል ያለና አፍ የሚያነቃ ይሆናል።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ሊትር የወይን ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር በእርሾ ሲብላላ አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል። አንድ ማሳ በደረቅ ወቅት ተለቅሞ ጭማቂው በሊትር 230 ግራም ስኳር ቢይዝ፣ የሚወጣው ወይን ጠጅ 13 ነጥብ 5 በመቶ ያህል አልኮል ይኖረዋል። በሌላ ዓመት ከለቀማ በፊት ባሉት ቀናት ዝናብ ጥሎ ፍሬው ውሃ ቢጠጣና ስኳሩ ወደ 195 ግራም ቢወርድ፣ አልኮሉ 11 ነጥብ 5 በመቶ ያህል ይሆናል። ማሳው፣ ዝርያውና ጠማቂው ሳይለወጡ፣ ጠጪው የሚቀምሰው ሌላ ወይን ጠጅ ነው። የበልግ አበባ ማር እና የጥቅምት ማር አንድ ዓይነት ጠጅ እንደማያወጡ ሁሉ፣ ወይንም እንዲሁ ነው።

በዓመቱ ከጣለው የዝናብ መጠን ይልቅ የጣለበት ጊዜ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ የጣለ ዝናብ ብዙ አይጎዳም። ሊለቀም ሲቃረብ የጣለው ግን ጭማቂውን ያቀጥነዋል፣ ልጣጩን ይሰነጥቃል፣ በተሰነጠቀው በኩልም ሻጋታ ይገባል።

እንደ አገራችን ባለ የሐሩር አካባቢ አርሶ አደሩ በዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለው። ወይኑ በብርድ ስለማይተኛ የሚያቆጠቁጠው ሲገረዝ ነው፤ ፍሬውም ከግርዛት በኋላ በአራትና አምስት ወር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ግርዛቱን በማስላት ለቀማውን ወደ ደረቁ ወራት ማድረስ ይቻላል። ዝናቡ ከወትሮው ከዘገየ ወይም ከቀደመ ግን ስሌቱ ይሳሳታል፤ የዓመቱ ልዩነትም እዚያ ላይ ይታያል።

ለቀማው ሲቃረብ ከማሳው ልዩ ልዩ መደዳዎች፣ ከፀሐዩም ከጥላውም ወገን፣ መቶ ያህል ፍሬ ተለቅሞ ይጨመቃል። ከጭማቂው አንድ ጠብታ ሪፍራክቶሜትር በተባለው የእጅ መሣሪያ ላይ ሲደረግ የስኳሩን መጠን ያሳያል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ቁጥሩ ቢወርድና ልጣጩ ካልተሰነጠቀ፣ ጥቂት ፀሐያማ ቀናት መጠበቅ ስኳሩን ሊመልሰው ይችላል። ዘለላው መሽተት ወይም መሻገት ከጀመረ ግን መጠበቅ ኪሳራ ነው፤ ወዲያው ለቅሞ የተበላሸውን መለየት ይሻላል።

ለገዢ የሚጠቅመው መቼ ነው?

በዋጋው መካከለኛ የሆነና ቶሎ ለመጠጣት የተዘጋጀ ወይን ጠጅ ሲገዛ፣ “የትኛው ዓመት ጥሩ ነበር?” የሚለው ጥያቄ ብዙም አያስጨንቅም። ጠማቂው የተለያዩ ማሳዎችን፣ አንዳንዴም የተለያዩ ዓመታትን ወይን አዋሕዶ ጣዕሙን ያቀራርባልና። በጠርሙሱ ላይ የለቀማ ዓመት ቢጻፍ እንኳ፣ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከወይኑ 85 በመቶው የዚያ ዓመት ከሆነ በቂ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ገዢ ዓመቱ የሚነግረው ዕድሜን ነው። ርካሽ ነጭ ወይን ጠጅ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል፤ ቀዩ ትንሽ ይቆያል።

እዚህ ላይ የንብረት ክፍል ሠራተኞች ሊጠነቀቁለት የሚገባ ነገር አለ። በጠርሙስ ላይ የሚጻፈው የለቀማ ዓመት እንደ ልማዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ2018 ዓ.ም. ዕቃ የሚረከብ ሰው “2018” የሚል ጠርሙስ ሲያይ የዘንድሮ ሊመስለው ይችላል። ፍሬው የተለቀመው ግን በእኛ አቆጣጠር በ2010 ወይም በ2011 ዓ.ም. ነው። ያ ርካሽ ነጭ ወይን ጠጅ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

ዓመቱ በእርግጥ ዋጋ የሚኖረው ለረጅም ዓመታት እንዲቀመጥ ተብሎ በሚገዛ ውድ ወይን ጠጅ ላይ ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ እ.ኤ.አ. 2009 እና 2010 እጅግ የተመሰገኑ ዓመታት ሲሆኑ፣ 2013 ግን በቅዝቃዜና በዝናብ የተጎዳ ነበር። እዚያ የአንዱ ዓመት ጠርሙስ ከሌላው ጋር በዋጋ የሚራራቀው፣ የደካማው ዓመት ወይን ጠጅ ለብዙ ዓመት የመቆየት አቅም ስለሚያንሰው ነው። እንዲህ ያለውን የሚገዛ ሰው ዓመቱን ሳይጠይቅ ገንዘብ ባያወጣ ይበጀዋል።

የዓመት ልዩነት ወይስ ብልሽት?

የዓመት ልዩነት ከአንድ ካርቶን በወጡ ጠርሙሶች ሁሉ ላይ በተመሳሳይ መልኩ ይታያል። ወይን ጠጁ ይቀላል ወይም ይበረታል እንጂ የፍሬ ሽታውን አያጣም፣ ሽታውም ንጹሕ ነው። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ከሆነ ግን ኮምጥጧል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ የተበላሸው በቡሹ ምክንያት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በአንድ ጠርሙስ ላይ ብቻ ይታያል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላና የተቀቀለ ፍሬ የሚሸት ከሆነ፣ በሙቀት ወይም በዕድሜ ተጎድቷል። ቆርቆሮ ክዳን ባለው መጋዘን ወይም ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት የተቀመጠ ወይን ጠጅ የሚደርስበት ይህ ነው።

ስለዚህ ጣዕሙ ተለወጠ ብሎ ዕቃውን ከመመለስ በፊት፣ ከዚያው ካርቶን ሁለተኛ ጠርሙስ ከፍቶ ማነጻጸርና የሁለቱን ጭነቶች የለቀማ ዓመትና የአልኮል መጠን ማስተያየት ይገባል። ሁለተኛውም ጠርሙስ ንጹሕ ሽታ ኖሮት እንደ መጀመሪያው ከቀለለ፣ ዓመቱም ካለፈው ጭነት የተለየ ከሆነ፣ ለውጡ የመጣው ከማሳው ነው። ዓመቱ አንድ ሆኖ ሽታው ከተበላሸ ግን ጥፋቱን ከማጓጓዣው ወይም ከመጋዘኑ መፈለግ ነው።