መምህር በዓመቱ አጋማሽ ሲለቅ፦ የማርክ ሊስቱ ርክክብ

የግል ትምህርት ቤት መምህር በዓመቱ አጋማሽ ለቀቀ ሲባል ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ይተካዋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተተኪ ዘግይቶም ቢሆን ይገኛል፤ ያመለጠ ትምህርትም ቅዳሜ ቅዳሜ በማካካሻ ይሸፈናል። በቀላሉ የማይካካሰው በለቀቀው መምህር ደብተርና ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የቀረ ውጤት ነው። ጉድለቱ የሚታየው ካርድ ሲሰጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ነገሩን የሚያስረዳው ሰው ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ እያስተማረ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የግል ትምህርት ቤት መምህራንንም ይመለከታል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራውን ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሳይሰጥ የሄደ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፤ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። አሠሪው ደመወዝ በመክፈል ግዴታው ላይ በተደጋጋሚ ጉድለት ካሳየ ወይም የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ግን መምህሩ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሆነ እዚህ የምናየው የግሉን ብቻ ነው።

እነዚህ 30 ቀናት ለትምህርት ቤቱ ተተኪ መፈለጊያ ናቸው፤ ለልጆቹ ግን የርክክብ ጊዜ ናቸው። ችግሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ርክክብ የሚሉት የመጨረሻዋን ቀን መሆኑ ነው። መምህሩ ክሊራንስ ይዞ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ንብረት ክፍል፣ ከዚያ ወደ ፋይናንስ ሲሯሯጥ ይውልና ማርክ ሊስቱን ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይወጣል። መጽሐፉ፣ ላፕቶፑና ነጩ ጋውን እየተቆጠሩ በፊርማ ይመለሳሉ። የተማሪዎቹን ውጤት ገልጦ የሚያይ ግን የለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ በአራት ሴክሽን 160 ተማሪዎችን የሚያስተምር የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር የመልቀቂያ ደብዳቤውን ኅዳር 20 አስገባ እንበል። የመጨረሻ ቀኑ ታኅሣሥ 20 ይሆናል። የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና የሚሰጠው ጥር ላይ ስለሆነ ከመቶው ውስጥ በእሱ እጅ ያለው የተከታታይ ምዘናው 40 ነው፤ ቀሪውን 60 የሚያርመው ሌላ ሰው ነው። አርባው በአራት ዓምድ ተከፍሏል፦ አንደኛ ፈተና ከ10፣ የቡድን ሥራ ከ5፣ የቤት ሥራ ከ5፣ መካከለኛ ፈተና ከ20።

አንደኛው ፈተና ሲሰጥ የታረመው ከ25 ነበር። መምህሩ በሀ እና በለ ሴክሽን ውጤቱን ወደ 10 ቀይሮ መዝግቧል፤ በሐ እና በመ ግን ሥራ ስለበዛበት ከ25 የታረመውን እንዳለ አስቀምጦ «በኋላ እቀይረዋለሁ» ብሏል። እሱ ይህን ያውቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልተጻፈም። አዲሱ መምህር መጥቶ የሐ ሴክሽንን ሲከፍት የዓምዱ ራስ «10%» ይላል። ከስሩ 18 የሚል ቁጥር ካገኘ ስህተት እንዳለ ወዲያው ይነቃል፤ ከአሥር 18 የሚያመጣ ተማሪ የለምና። አደገኛው 9 ነው። ከ25 ዘጠኝ ያመጣ ልጅ ትክክለኛ ውጤቱ 3.6 ሲሆን ከአሥር 9 ያመጣ ጎበዝ መስሎ ያልፋል። ስለዚህ ተረካቢው ገና ሲረከብ በእያንዳንዱ ዓምድ ውስጥ ትልቁን ቁጥር መፈለግ አለበት። አንድም ውጤት ከዓምዱ ጣሪያ በላይ ከሆነ መታረም ያለበት ያች አንዷ ሣጥን ሳትሆን ዓምዱ በሙሉ ነው። አስረካቢው ደግሞ ሁሉንም ሴክሽን በአንድ መለኪያ አድርሶ፣ በዓምዱ ራስ ላይ «ከ25 ታርሞ ወደ 10 የተቀየረ» ብሎ መጻፍ ይገባዋል። ጥሬ ውጤቱ ያለበት ወረቀትም አብሮ ይተላለፋል፤ አይጣልም።

ሁለተኛው ወጥመድ ባዶ ሣጥን ነው። አንዲት ተማሪ አንደኛውን ፈተና 7.2፣ የቡድን ሥራውን 4፣ የቤት ሥራውን 5 አምጥታ በመካከለኛው ፈተና ሳምንት ታይፎይድ ይዟት ቀረች። ወላጇ የሐኪም ወረቀት አምጥተዋል፤ መምህሩም «ስትድኚ ለብቻሽ እፈትንሻለሁ» ብሏታል። ሣጥኗ ባዶ ነው። ማርክ ሊስቱ በኤክሴል ከተሠራ ማሽኑ ባዶዋን ሣጥን ዝም ብሎ አልፎ ይደምራል፤ ልጅቷ ከ40 የምትይዘው 16.2 ብቻ ይሆናል። በማጠቃለያው ከ60 አርባ ስምንት ብታመጣ ካርዷ ላይ 64.2 ይወጣል። ቃል የተገባላትን ፈተና ተፈትና ከሃያ 15 ብታመጣ ኖሮ 79.2 ነበር። አሥራ አምስት ነጥብ የጠፋው ልጅቷ ስላላጠናች ሳይሆን አንድ ቃል የተገባላት ነገር ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ስላልተሻገረ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ለመከላከል የሚያስፈልገው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

መፍትሔው በማርክ ሊስቱ ላይ ባዶ ሣጥን አለመተው ነው። ተፈትኖ ዜሮ ያመጣ 0 ይጻፍለታል። ያልተፈተነ «አልተፈተነም» ይባላል፤ ምክንያቱና ምን ቃል እንደተገባለት ደግሞ ለብቻ በአንድ ወረቀት ይዘረዘራል። ከ160 ተማሪ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለባቸው ብዙ አይሆኑም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። መምህሩ ጊዜ ካለው የሚሻለው ግን ከመውጣቱ በፊት እነዚህን ልጆች ፈትኖ መጨረስ ነው። የተጀመረ እርማትም እንዲሁ ሳያልቅ መተላለፍ የለበትም። ሀ እና ለን አንዱ፣ ሐ እና መን ሌላው ካረማቸው ለሥራው መንገድ ነጥብ የሚሰጥና የማይሰጥ መምህር በአንድ ፈተና ላይ ይገናኛሉ፤ ልጆቹም ከዚያ በኋላ የሚወዳደሩት በእኩል ሚዛን አይደለም።

ርክክቡ ሲፈጸም አስረካቢው፣ ተረካቢውና የትምህርት ክፍል ኃላፊው አንድ ላይ ተቀምጠው ገጽ በገጽ ያያሉ፣ በየገጹም ይፈርማሉ። የተሰረዘ ቁጥር በፍሉድ አይሸፈንም፤ የቀድሞው እንዲነበብ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍና ይፈረምበታል። ሰነዱ በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፦ አንዱ ለተረካቢው፣ አንዱ ለሬከርድ ክፍል። ሦስተኛውን አስረካቢው የሚይዘው የርክክብ ቅጹን ብቻ ነው። የተማሪዎቹን ውጤትና የወላጆችን ስልክ ይዞ መሄድ አይገባውም፤ ነገ የሌላ ትምህርት ቤት መምህር ነውና።

በዓመቱ አጋማሽ ሥራ ፈላጊ መምህር በቀላሉ አይገኝም። ታኅሣሥ 20 ሲደርስ ተተኪ ከሌለ ክፍሎቹ ለሒሳብ መምህራኑ ይከፋፈላሉ፤ ሁለቱን ሴክሽን አንዱ፣ ሁለቱን ሌላው በትርፍ ክፍለ ጊዜ ይይዛል። ማርክ ሊስቱም አብሮ የሚከፋፈለው እዚህ ላይ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ መምህር ሲቀጠር የትኛው ቅጂ የመጨረሻው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ዋናውን ማርክ ሊስት የትምህርት ክፍል ኃላፊው ብቻ ይያዝ። ሸፋኝ መምህራን አዲስ ውጤት ሲኖራቸው ለእሱ ይስጡ።

የክፍሉ ርክክብ ከማርኩ ይቀላል፤ ግን የዓመት ዕቅዱን ሰጥቶ መሄድ አይበቃም። ዕቅዱ መድረስ የነበረበትን ይናገራል እንጂ የደረሱበትን አይናገርም። የመ ሴክሽን የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች ብዙዎቹ ሰኞ ከዋሉና በዓላትና ስብሰባዎች ሰኞን ከበሉት፣ የሀ ልጆች ምዕራፍ ሦስትን ሲጨርሱ የመ ልጆች ገና መሃሉ ላይ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሴክሽን የመጨረሻው የተማሩበት ገጽ፣ የተሰጠውና ያልታረመው መልመጃ፣ ተምረውት ያልገባቸው ርዕስ በአጭሩ ይጻፍ። የ8ኛ ክፍል ልጆች በዓመቱ መጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚዘጋጅ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ እዚያ ደግሞ መምህሩ ስለለቀቀ ያልተማሩት ርዕስ አይቀነስላቸውም። ተተኪው በማስጠንቀቂያው ጊዜ ውስጥ ከመጣ ሁለቱ ጥቂት ቀን አብረው ቢገቡ መልካም ነው፤ መጀመሪያ አዲሱ ከኋላ ተቀምጦ ያያል፣ ቀጥሎ አዲሱ እያስተማረ ነባሩ ያያል።

የሚለቀው መምህር የክፍል ስም ጠሪ ከሆነ ሥራው ይጨምራል። ሮስተሩንና አቴንዳንሱን ያስረክባል፤ ከወረቀት ውጭ የሚያውቀውም አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ፣ በደንብ ስለማይሰማ ፊት የሚቀመጥ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ከእናቱ በቀር ሌላ ሰው እንዳይወስደው የተባለ ልጅ ሊኖር ይችላል። ይህ በጋራ ቅጽ ላይ አይጻፍም። ርዕሰ መምህሩ ባሉበት ለተተኪው በቃል ይነገራል፣ በተማሪው የግል ማህደርም መኖሩ ይረጋገጣል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፑን የከፈተው መምህሩ በራሱ ስልክ ስለሆነ ባለቤቱ እሱ ነው። ለማስተላለፍ ተተኪውን ወይም ምክትል ርዕሰ መምህሩን አድሚን አድርጎ ሙሉ ሥልጣን ከሰጠ በኋላ ከታች የሚመጣውን <code>Transfer Group Ownership</code> መጫን ነው። ነገር ግን ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው <code>Two-Step Verification</code> ከበራ ሰባት ቀን ላለፈው ሰው ስለሆነ በመጨረሻው ቀን ሊሠራ የሚነሳ አይሳካለትም። በመጀመሪያው ሳምንት ማብራት ይሻላል።

መምህሩም ከትምህርት ቤቱ የሚቀበለው አለ። አዋጁ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ክፍያው እንዲጠናቀቅለት ያዛል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች «ሴሚስተሩ ይለቅና» እያሉ የልምድ ደብዳቤውን ይይዛሉ። ይህ መምህሩን በቁጭት እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ተቆጥቶ የወጣ ሰው ደግሞ ስለ ባዶዋ ሣጥን ሲደወልለት ስልክ አያነሳም። መልቀቁ መታገሥ የሚችል ከሆነ ግን ደብዳቤውን ጥር መግቢያ አስገብቶ ጥር መጨረሻ ላይ መውጣት የተሻለ ነው፤ መቶው በአንድ እጅ ይዘጋል፣ ሊተላለፍ የሚገባውም ግማሹ ይቀላል።

ከወጣ በኋላ ደግሞ እስከ መቼ እንደሚደወልለት አስቀድሞ ይስማሙ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ተሰጥቶ የቅሬታ ቀናት እስኪያልፉ ድረስ ቢሆን በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ወላጅ «የልጄ ማርክ ተሳስቷል» ብሎ ቢመጣ ሬከርድ ክፍሉ የሚያየው የተፈረመበትን ማርክ ሊስት ነው፤ ማስተካከያ ካስፈለገም ተረካቢው መምህርና የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይፈርሙበታል።