የመኪና አደጋ ካሳ፦ ምን ይረጋገጣል? በምንስ ይረጋገጣል?

በኢትዮጵያ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው የካሳ ክሱን የሚመሠርተው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በተደነገገው ክፍል ላይ ነው። በመርህ ደረጃ ከሳሹ ተከሳሹ ጥፋት መፈጸሙን፣ እሱ ራሱ መጎዳቱን፣ ጉዳቱም ከዚያ ጥፋት የመጣ መሆኑን ማስረዳት አለበት። በመኪና አደጋ ግን ጥፋትን የማስረዳቱ ሸክም ማን እንደተከሰሰ እያየ ይለያያል።

ሾፌሩን የከሰሰ ሰው የሾፌሩን ጥፋት ማሳየት ግድ ይለዋል። በግልጽ የተደነገገ ሕግን መጣስ ራሱ ጥፋት ስለሆነ፣ ሾፌሩ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መንዳቱ ወይም ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠቱ ከተረጋገጠ በቂ ነው። ማስረጃው ብዙ ጊዜ የትራፊክ ፖሊስ ያነሳው ፕላንና የዓይን ምስክር ነው። ሾፌሩ በወንጀል ተከስሶ ነፃ ቢወጣ እንኳ የካሳው ክስ አብሮ አይወድቅም፤ በአንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ችሎት በወንጀሉ ፍርድ አይታሰርም።

የመኪናው ባለንብረት ሲከሰስ ነገሩ ለተጎጂው ይቀላል። አንቀጽ 2081 ባለንብረቱን መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም። «ፍሬኑ በድንገት እምቢ አለ» ወይም «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» የሚል መከላከያ አያድነውም። የሚያድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ወይም ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ካሳየ ነው። ብዙ ተጎጂዎች የሚከፍለው የሌለውን ሾፌር ብቻ ሲያሳድዱ ይከርማሉ፤ ባለንብረቱን አለመክሰስ ትልቅ ስህተት ነው። ሁለት መኪኖች ከተጋጩ ደግሞ ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው።

እንዲህ ስለሆነ ባለንብረቱ በተከሰሰበት መዝገብ ክርክሩ የሚከረው በጉዳቱ መጠንና በምክንያቱ ላይ ነው። ለምሳሌ በወር 12,000 ብር የሚያገኝ አናጢ ሚኒባስ ገጭቶት ቀኝ እግሩ ተሰበረ እንበል። ለሕክምና 85,000 ብር አወጣ፤ ደረሰኙም በእጁ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ባለመሥራቱ 72,000 ብር ቀረበት። የሐኪሞች ቦርድ ደግሞ 30 በመቶ ዘላቂ የሥራ ችሎታ ማጣቱን አረጋገጠ። ይህ ማለት በወር 3,600፣ በዓመት 43,200 ብር ማለት ነው። ወደ ሥራ ሲመለስ ዕድሜው 40 ከሆነና እስከ 60 ዓመቱ ይሠራል ተብሎ ከተሰላ የወደፊቱ ገቢ 864,000 ብር ይደርሳል። በጠቅላላው 1,021,000 ብር ይሆናል። የወደፊቱ ጉዳት መድረሱ የማይቀር ከሆነ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ሆኖም ዳኛው የ20 ዓመቱን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሲያስከፍል በርትዕ ሊቀንሰው ይችላል።

አናጢው ደሞዝተኛ ስላልሆነ የገቢ ማስረጃ ላይ ይቸገራል። የግብር ደረሰኝ፣ የደንበኞች ውል፣ አብረውት የሚሠሩ ምስክሮች ያግዙታል። ትክክለኛውን መጠን ማረጋገጥ ካልተቻለ አንቀጽ 2102 ፍርድ ቤቱ ካሳውን በርትዕ እንዲወስን ይፈቅዳል። ይህ ግን ጉዳቱ መኖሩ ለተረጋገጠ ሰው እንጂ ምንም ማስረጃ ላላቀረበ አይደለም።

የምክንያቱ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አናጢው ከአደጋው በፊት ጀምሮ ወገቡን ይታከም ከነበረ፣ ተከሳሹ የድሮውን የሕክምና ካርድ አስቀርቦ 30 በመቶው ከእግሩ ነው ወይስ ከወገቡ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የቦርዱ ማስረጃ የጉዳቱን መጠን ብቻ ሳይሆን መነሻውንም መግለጽ አለበት። ተጎጂው በአደጋው ዕለት ሐኪም ዘንድ ሳይቀርብ ሳምንታት ካሳለፈ ይህን ማገናኘት እጅግ ይከብደዋል። አናጢው በቀይ መብራት ሲያቋርጥ ከተገጨ ደግሞ ካሳው እንደ ጥፋቱ ክብደት ይቀነሳል፤ ሩብ ድርሻ አለበት ከተባለ ከላይ የተሰላው ወደ 765,750 ብር ይወርዳል።

ተጎጂው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በስማቸው ለደረሰባቸው ቁሳዊ ጉዳት መጠየቅ ይችላሉ፤ ካሳውም በቀለብ መልክ ይወሰናል። ለሕሊና ጉዳት ግን አንቀጽ 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ልጁን ለቀበረ ወላጅ ይህ ገንዘብ ዛሬ ካሳ ሊባል አይችልም፤ ሕጉ መሻሻል አለበት።

ክሱ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ከዚያ የረዘመ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ጊዜው ይረዝማል፤ ይሁንና የወንጀሉ ውጤት ይታይ ብሎ ክስን ማዘግየት አያዋጣም። ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ የፕላኑን ቅጂ፣ የሕክምና ማስረጃውንና ደረሰኞቹን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይሰብስብ።