«በየት ልሂድ?»፦ ለዋሽንግተን እግረኛ ያልተተረጎመው መንገድ

ያገኘኋቸው ጆርጂያ አቨኑ ላይ ነው። ነጠላቸውን በወፍራም ጃኬት ላይ ጣል ያደረጉ፣ ከአገር ከመጡ ብዙም ያልቆዩ እናት ናቸው። የብረት አጥርና ብርቱካናማ በርሜሎች የእግረኛውን መንገድ ከዘጉበት ቦታ ቆመው፣ አጥሩ ላይ የተሰቀለችውን ነጭ ሰሌዳ ፎቶ አንስተው ለልጃቸው ልከዋል። ልጃቸውም ከሥራ ቦታው ሆኖ ቶሎ መልሷል። ስልኩን ወደ እኔ ዘርግተው መልሱን አሳዩኝ፦ «የእግረኛ መንገድ ተዘግቷል»።

«እሱንማ እያየሁት እኮ ነው፤ እኔ ያልኩት በየት ልሂድ ነው» አሉኝ።

የልጁ ትርጉም አንድም ስህተት የለበትም። ሰሌዳዋ ከዚያ ሌላ ምንም አትልም። እናቲቱ ግን ከዚህ ትርጉም በኋላ ያደረጉት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ከጠርዙ ወረዱና መኪና በሚርመሰመስበት መስመር አጥሩን ታከው መሄድ ጀመሩ። ትክክለኛ ትርጉም ይዞ ወደ መኪና መንገድ መውረድ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም።

መልሱ የነበረው ከኋላቸው ነው። በአሜሪካ የመንገድ ምልክት ሁሉ የሚገዛው በፌዴራሉ መንግሥት በሚወጣ አንድ መመሪያ ሲሆን፣ ይህ መመሪያ ለተዘጋ የእግረኛ መንገድ ብቻ የተለያዩ ሰሌዳዎች አሉት። አጥሩ ጋ የሚሰቀለው «ተዘግቷል» ብሎ ያበቃል። ከዚያ በፊት፣ ያለፈው መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን ሌላ ሰሌዳ መቆም አለበት፤ «ወደፊት የእግረኛ መንገዱ ተዘግቷል፣ እዚህ ተሻገሩ» የሚልና ቀስት ያለበት። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እግረኛ ብሎኩ መካከል ድረስ ሄዶ ግድግዳ እንዳይገጥመው፣ ዜብራው ያለበት ማዕዘን ላይ እያለ እንዲወስን ነው። እናቲቱ ያነሱት ማረጋገጫውን እንጂ ትእዛዙን አልነበረም። ትእዛዙ እሳቸው ባለፉት ማዕዘን ላይ፣ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ተመልሰን አየነው። ቁመቱ ለሾፌር ዓይን እንጂ ለእሳቸው ዓይን የተመጠነ አይመስልም።

ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ያገኘሁት መሃል ከተማ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ቡዝ ውስጥ የሚሠራ፣ ከአሥርት ዓመታት በፊት የመጣ ጎልማሳ ነው። ስሙ እንዳይጻፍ ጠይቆኛል፤ ምክንያቱንም ሲነግረኝ «ስሜ ከወጣ ሁሉም ይልክልኛል፣ መኪና ማን ያወጣል?» አለ። አሁንም ቢሆን በቤተ ክርስቲያን፣ በዕድር፣ በአክስት ልጅ በኩል ስልኩን ያገኘ አዲስ ገቢ ሁሉ ፎቶ ይልክለታል።

«እኔ ቃል አልተረጉምም» አለኝ። «መጀመሪያ የምጠይቃቸው ምን ተጽፏል ብዬ አይደለም። እትዬ፣ ፊትዎ ወዴት ነው? መኪኖቹ በየት በኩልዎ ይመጣሉ? ነው የምለው። ሰሌዳ ብቻውን ተቆርጦ ሲላክልኝ እናደዳለሁ። ከምሰሶው እግር ጀምሮ ያንሱልኝ እላለሁ፤ ከላዩ ያለውን፣ ከሥሩ ያለውን፣ ጠርዙን፣ ዜብራውን። ቀስቱ ወደ ግራ ቢያሳይ ግራው የማን ግራ እንደሆነ እኔ ከቡዝ ሆኜ በምን አውቃለሁ?»

የሚመልሰውም አጭር ነው። ስልኩ ላይ ካሳየኝ መልሶቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ወደ ኋላ ይመለሱ። ነዳጅ ማደያው ጋ ያለው መብራት ላይ ይሻገሩ። አጥሩን በግራ እያዩ ይሂዱ፤ ሲያልቅ መልሰው ይሻገሩ።» ከሰሌዳው ቃላት አንዱም በመልሱ ውስጥ የለም። የስልክ ካሜራ ትርጉምም ብዙ ጊዜ ቃሉን አይስተውም፤ ቀስቱን ግን ሥዕል ብሎ ያልፈዋል፤ ማደያውንም አያውቅም።

አሜሪካ ምልክቶቿን ለምን በቃል እንደሞላች ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ እኔም ሳነበው በጣም ስለወደድኩት ላልፈው አልቻልኩም። የመመሪያው የመጀመሪያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በዚያን ዘመን የ«ቁም» ሰሌዳ ቢጫ ነበር፤ ፀሐይና ዝናብ የማያደበዝዘው ቀይ ቀለም እስኪገኝ ድረስ ቆይቶ ቀይ የሆነው በ1954 ነው። በ1968 ቪየና ላይ ብዙ አገሮች የመንገድ ምልክት ስምምነት ሲፈርሙ፣ ሐሳቡ ምልክት በሥዕል ይናገር፣ ቋንቋ የማያውቅም ይረዳው የሚል ነበር። አሜሪካ የስምምነቱ አባል አልሆነችም። በ1971ዱ እትም ሥዕሎችን ብታበዛም፣ ለመንገድ ሥራ ብርቱካናማውን ቀለም ብትለይም፣ ትእዛዙን በፊደል መጻፉን አልተወችም። የእግረኛ መብራት እንኳ ለረጅም ዘመን «ሂድ» እና «አትሂድ» የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ ለአዲስ መብራቶች ነጩ የሚራመድ ሰውና ብርቱካናማው እጅ ብቻ ይሁኑ የተባለው ብዙ ቆይቶ ነው። በታኅሣሥ 2023 የወጣው አሥራ አንደኛው እትም ከ1,100 ገጽ በላይ ነው። ያ ሁሉ ገጽ በአብዛኛው የሚያወራው ከመሪ ኋላ ለተቀመጠ ሰው ነው።

የጋራዡ ሰው ያላነበበው መመሪያ ቢሆንም ይህን አበጥሮ ያውቀዋል። ከሚደርሱት ፎቶዎች አብዛኞቹ ለእግረኛ የተጻፉ አይደሉም። «አይግቡ» የሚለው ቀይ ሰሌዳ፣ «አንድ አቅጣጫ» የሚለው ቀስት፣ ዛፍና ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ጊዜያዊ የፓርኪንግ ክልከላ ወረቀት፣ ሁሉም የሾፌር ናቸው። ወረቀቱ በተለይ ቀይ ፊደል ስላለው ያስደነግጣል። «ግማሹ ሥራዬ ‹ይሄ እርስዎን አይመለከትም› ማለት ነው» ይላል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ፌርማታ አካባቢ የሚቆመው ክልከላ ነው። መኪና አስነስቶም ቢሆን ለአፍታ መቆየትን የሚከለክል ሰሌዳ ሲሆን፣ በአማርኛ ያው «መቆም ክልክል ነው» ይሆናል። አንዲት አረጋዊት ይህን ተተርጉሞላቸው አውቶቡስ ሲጠብቁ ከፌርማታው ርቀው ይቆሙ ነበር። አውቶቡሱም ጥሏቸው ይሄዳል። «እንዳያስሩኝ ብዬ ነው አሉኝ። መኪና አለዎት እንዴ እማማ? አልኳቸው።»

ሰዓትና ቀን ሲመጣ ግን ሳቁን ያቆማል። ያሳየኝ ፎቶ አንድ ፌርማታ ለጊዜው መዘጋቱን የሚናገር ወረቀት ነበር፤ ቀኑ «3/11»፣ ሰዓቱ ከ7 ኤ.ኤም. እስከ 3፡30 ፒ.ኤም.። በአሜሪካ ልማድ ወሩ ይቀድማል፤ ስለዚህ መጋቢት 2 ማለት ነው፣ በ2017 ዓ.ም. ማክሰኞ የዋለው። ወረቀቱን የላከው ወጣት ግን ቀን አስቀድሞ ማንበብ የለመደ ነውና 3 የ11ኛው ወር፣ ማለትም ሐምሌ 3 ነው ብሎ ነበር። ሰዓቱንም ለአገሩ ሰዓት ከቀየሩለት ከጠዋቱ 1 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ካልቀየሩለት ደግሞ 7ን የምሳ ሰዓት አድርጎ ይወስዳል። የጋራዡ ሰው መልስ እንዲህ ነበር፦ «ማክሰኞ ጠዋት እዚያ አትቁም። ስልክህ 7:00 ከሚልበት እስከ 3:30 ድረስ አውቶቡሱ አይቆምም፤ በእኛ ከ1 እስከ 9 ተኩል። ወደ ሰሜን ሁለት ብሎክ ሂድ።» የሳምንቱን ቀን የሚያስቀድመው ማክሰኞ በሁለቱም አቆጣጠር ማክሰኞ ስለሆነ ነው። የመንገድ ስም ግን ጨርሶ አይተረጉምም፤ ሰውየው ማዕዘኑ ላይ ደርሶ ከሰሌዳው ጋር የሚያስተያየው ፊደሉን ነውና፣ ከፎቶው ላይ በክብ አስምሮ መልሶ ይልክለታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ትርፍ ሰዓት የሚሠራ ነው። ከተማዋ ግን የቋንቋ ሕግ አላት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የዲሲ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ወሳኝ ሰነዶችንም አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ በሚናገረው ቋንቋ እንዲተረጉሙ ያዛል። አማርኛ ከሕጉ ዋነኛ ተጠቃሚዎች አንዱ ነው። የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ ይሰጣል፤ መኪና የሚነዳ ሐበሻ ምልክቶቹን በቋንቋው ተምሮ ይፈተናል ማለት ነው። መኪና የሌለው፣ ማለትም አዲስ የመጣው ሁሉ፣ የሚያስተምረውም የሚፈትነውም የለም።

ሕጉ ወሳኝ ሰነድ ብሎ ከሚዘረዝራቸው ውስጥ «ማስታወቂያ» የሚለው ይገኛል። ታዲያ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ የፌርማታ መዘጋት ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው ወይስ አይደለም? ጉዳዩ ይመለከታቸዋል ለተባሉ አንድ ኃላፊ ይህንኑ ጥያቄ በጽሑፍ አቀረብኩ። የተላከልኝ መልስ ስለ ሕጉ ዓላማ የሚያትት፣ ያማረ አንቀጽ ነው። ስለ ምሰሶው ምንም የለበትም። ደግሜ ስጠይቅ ያው አንቀጽ ተመልሶ መጣ። በእኔ ግምት መልሱ ከባድ አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው ቢሉ መተርጎም ሊመጣባቸው ነው፣ አይደለም ቢሉ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?

ቃል በቃል መተርጎም ስለሚያስከትለው ነገር ብዙ ማለት ቦታው አይፈቅድም። አንዱን ብቻ ላንሳ፦ የእግረኛ መብራቱ እጅ ብልጭ ድርግም ሲል ጀምረው ከሆነ ይጨርሱ፣ ካልጀመሩ አይጀምሩ ማለት ነው። ቆጣሪው የሚመጠነው በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ለሚራመድ ሰው ነው። እጁን «ቁሙ» ብለው የተረጎሙላቸው ሰዎች ግን ስድስት መስመር ያለው ጎዳና መካከል ደርሰው ይቆማሉ፣ ወይም ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

የጋራዡ ሰው በመጨረሻ ፎቶ መቀበል ስለሰለቸው አንድ ገጽ አዘጋጅቷል። እግረኛን የሚመለከቱት ሰሌዳዎች ተቆጥረው ሲታዩ ጥቂት ናቸው፤ ከደርዘን ብዙም አያልፉም። በየሥዕሉ ሥር የተጻፈው የሰሌዳው ትርጉም ሳይሆን እግር የሚያደርገው ነው፦ «ወደ ማዕዘኑ ተመለስ»፣ «ቀስቱ በሚያሳየው ማቋረጫ በኩል ያለውን ቁልፍ ተጫን፣ ምሰሶው ላይ ሁለት አለ»፣ «የሰው ግቢ ነው፣ አትለፍ»። ገጹ እየተባዛ በእንጀራ መሸጫዎች ሲዞር አይቼዋለሁ። በገጹ ግርጌ ግን አንድ ባዶ ሳጥን አለ፤ ከሥሩ «ወረቀት የተለጠፈ እንደሆነ ደውል» ተብሎ የራሱ ስልክ ተጽፏል። የከተማዋን 311 ለምን እንዳልጻፈ ስጠይቀው፣ እዚያም ቢሆን የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚገኝ ያውቃል፤ «አስተርጓሚው ይሰማል እንጂ አያይም» አለኝ። «ማንበብ የማይችሉትን ወረቀት አንብበው ይንገሩት?»